ባለቤት ለመሆን ጠይቋል

ሰኞ ረፋድ ላይ ባልና ሚስት ሻንጣቸውን እየጎተቱ «ጥላ የእንግዳ ማረፊያ» ገቡ። ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ስልኩን እንደ መጥሪያ ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋና፣ «ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ገትራችሁን!» አለ።

ማረፊያውን የሚመሩት እትዬ በክር ያንጠለጠሉትን መነጽር ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «ምን በደልን ጌታዬ?»

«ከአውሮፕላን ማረፊያ እንቀበላለን ብላችኋል እኮ! የታለ ተቀባዩ?»

«እኔ? እኔ ምን መኪና አለኝና? ያለኝ የአንሶላ ጋሪ ነው።»

ሴትየዋ ሳቋ አመለጣት። ሰውየው ግን ፊቱን እንደቋጠረ ስልኩን አዞረላቸው። የስልኩ ካርታ ላይ ቤታቸው አለ። ከስሙ ሥር «የሚሰጡ አገልግሎቶች» ይላል፦ ሙቅ ውኃ፣ ዋይፋይ፣ ቁርስ፣ የልብስ አጠባ። ከሁሉ በታች ደግሞ እሳቸው ሰምተውት የማያውቁት አንድ መስመር ተጨምሯል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበል።

እትዬ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሻይ አስቀመጡ፣ ደረጃ እንዳይወጡ ምድር ላይ ያለውን አንደኛውን ክፍል ሰጧቸው። እንግዶቹ በሩን ሲዘጉ ግን አንድ ጥያቄ መጣባቸው። ያንን መስመር ማን ጻፈው?

የካርታው ነገር የባላቸው ሥራ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉ ምሳ በልተው መነጽራቸውን ጠርገው ስልኩ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ አስተያየት ለጻፈ እንግዳ ሁሉ አንድ በአንድ ይመልሱለት ነበር። የቤቱን መግለጫ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ከሰባት መቶ ሃምሳ ፊደል በላይ አይቀበልም ተብለው፣ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ለሦስት ቀን ሲሰርዙና ሲደልዙ ከርመው ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጸጥ ያለች ቤት ናት። ሙቅ ውኃ ጠዋትና ማታ አለ፤ እኩለ ቀን ላይ ግን አንዋሽም፣ ለብ ያለ ነው። ደረጃው አሥራ አራት ነው፤ ጉልበትዎን የሚያምዎ ከሆነ ምድር ላይ ሁለት ክፍል አለን። የሁለተኛው ክፍል በር ትንሽ ይጮኻል፤ ዘይት ብንቀባውም እንቢ ብሏል።»

ሰዉ ይህን እያነበበ ይስቃል፤ እየሳቀ ይመጣል። ከአሥር እንግዳ ስምንቱ የሚመጣው ከካርታው ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየት ተጽፏል፤ አብዛኛው ስለ አንድ ሰው ነው። «እናትየዋ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው በር ላይ ጠበቁን።» «እናትየዋ ሳል ይዞኝ ማር አመጡልኝ።» እናትየዋ ያው እትዬ ናቸው። ካርታው ላይ ያለው ገጽ ከጠፋ ቤቱ አለ ማለት አይቻልም፤ ውስጥ ለውስጥ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ያለችን አምስት ክፍል ቤት በእግሩ ሲሄድ የሚያገኛት የለም።

የባላቸውን ስልክ ከመሳቢያ አውጥተው መንገዱን ተሻገሩ። ማዶ «ጽሕፈትና ኮፒ» የሚል ጠባብ ሱቅ አለ። ጸሐፊዋ የሰፈሩን ሰው ማመልከቻ ሁሉ የምትጽፍ፣ አፏም እጇም ፈጣን የሆነ ሴት ናት።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ የፈለገ ሰው ‹ይስተካከል› ብሎ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል» አለች ስልኩን እየገላለጠች። «ካርታው ካመነው ይለጥፈዋል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ ማየት ያለብዎ። ይዩት እንግዲህ! ከሁለት ወር በፊትም አንዱ ‹የሚቀበለን አጣን› ብሎ ጽፏል። የመለሰለት የለም።»

«የሚመልሰውማ አፈር ገባ፤ ማን ይመልስ ልጄ?»

ጸሐፊዋ መስመሩን አጠፋችው። «እኔን አስተዳዳሪ አድርገው ያስገቡኝ። የሚመጣው ማሳወቂያ ለእኔም ይደርሰኛል።»

እትዬ ስልኩን ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱት። «ተይው። የሱ ነገር ነው። የሱ ነገር ሳይነካካ ይቆይልኝ።»

ጸሐፊዋም ሐዘን ነው ብላ አልገፋችበትም።

ረቡዕ ዕለት አንድ እንግዳ መጣ። ልብሱ ንጹሕ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ሻንጣው ትንሽ። ስድስት ቀን እቆያለሁ ብሎ ሁለተኛውን ክፍል ጠየቀ።

«በሩ ይጮኻል» አሉት እትዬ፣ እንደ ልማዳቸው።

«አውቃለሁ» አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ። «ዘይት ብትቀቡትም እንቢ ብሏል።»

እትዬ ሳቁ። ሲስቁ ግን የባላቸው ቃል ከማያውቁት ሰው አፍ በመውጣቱ ቅር አላቸው። የክፍሉንና የውጭውን በር ቁልፍ ሰጡት፤ ለእንግዳ ሁሉ የሚሰጡት ነው።

ልብስ አጣቢዋ በማግስቱ ለሰውየው ስም አወጣችለት፤ «አቶ ጸጥታ»። ከእትዬ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የሠራች፣ በአንሶላ እንግዳን የምታውቅ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ አልጋው ላይ አይተኛም እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

«አንሶላው እንዳነጠፍኩት ነው። ጠዋት ገባሁ፣ አንዲት እጥፋት የለችበትም። ትራሱም እንዲሁ። ሰው ነው ወይስ ጃንጥላ? ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚያድረው?»

«ወንበር ላይ አንቀላፍቶ ይሆናል። አንቺ ደግሞ የሰው እንቅልፍ ቆጣሪ ሆንሽ!»

አጣቢዋ ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔ እንጃ። ኮሪደሩን ፎቶ ሲያነሣው ነበር። የርስዎን ክፍል በር ጭምር።»

በዚያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ፎጣ እያጠፉ ሳለ፣ መሳቢያው ውስጥ ያለው የባላቸው ስልክ ተርገበገበ። አወጡት። መስታወቱ ላይ አጭር ጽሑፍ ወጥቷል፦

«አዲስ ጥያቄ፦ አንድ ሰው ባለቤት ለመሆን ጠይቋል። ይቀበላሉ?»

ፎጣው ከእጃቸው ወደቀ።

እስቲ አስቡት። እትዬ ባላቸውን በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በጎረቤት ፊትም፣ በሐኪም ፊትም፣ በቀብሩም ቀን «ባለቤቴ» ነው ያሉት። ባለቤት ማለት ለእሳቸው አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው መቃብር ውስጥ ነው። አሁን በሟቹ በራሳቸው ስልክ፣ ሐዘኑ ሳይወጣ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ወንድ ባለቤት ልሁን ብሎ ጠየቀ!

ሰዎች በስልክ የትዳር ጓደኛ እንደሚፈላለጉ ሰምተዋል። ያ ጣጣ ወደ እሳቸውም መጣ ማለት ነው። ፊታቸው ጋለ። ጥያቄው ሥር ሁለት ቃል ተቀምጧል፤ «ተቀበል» እና «ውድቅ አድርግ»። ውድቅ ማድረጉም ቢሆን መልስ መስጠት ነው፤ መልስ መስጠት ደግሞ ለባለጌ በር መክፈት ነው ብለው አሰቡ። ለጸሐፊዋ ልንገራት ይሆን? «እትዬ ባል መጣላቸው» ብላ ሰፈሩን ሁሉ ብታስቅባቸውስ? ስልኩን በፊቱ ደፍተው ፎጣ ሥር ቀበሩትና መሳቢያውን በጉልበታቸው ገፍተው ዘጉት።

ጽሑፉን በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ ቢያደርጉት ኖሮ ከሥር የተጻፈውን ባዩ ነበር። የቤቱ ስም እዚያ አለ። ከዚያም «በሦስት ቀን ውስጥ ካልመለሱ ጠያቂው ራሱ በሌላ መንገድ ባለቤትነቱን ሊያረጋግጥ ይችላል» ይላል። እትዬ ግን አልገፉትም።

ዓርብ አለፈ። አቶ ጸጥታ ቁርስ ላይ ዳቦውን በቢላ እኩል እኩል እየቆረጠ ይጠይቃል። «እናታችን፣ ካርታው ላይ መልስ የሚሰጡት ባለቤትዎ ነበሩ?»

«አዎ፣ ነፍሱን ይማረው።»

«አሁንስ ማን ይመልሳል?»

«ማንም።»

«ማንም» አለ ሰውየው፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። ቀጥሎም ሰኞ የት እንደሚሄዱ፣ አጣቢዋ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ ጠየቀ። ሁሉን በትሕትና ነው፤ ሰው በትሕትና ሲጠይቅ አለመመለስ ለእትዬ ከባድ ነገር ነው።

ቅዳሜ አለፈ። እሑድ ስልኩ ፎጣው ሥር አንድ ጊዜ ተርገበገበ። እትዬ ሰሙት፤ «አሁንም አላፈረም!» ብለው ከመሳቢያው ራቁ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ገበያ ሄደው፣ አጣቢዋ አንሶላ ልታሰጣ ሰገነቱ ላይ ወጥታ ነበር። ወደ መንገዱ ስታይ አቶ ጸጥታ ማዶ ቆሟል። ስልኩን ፊት ለፊቱ ይዟል። መጀመሪያ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ቀረጸ። ከዚያ የቤቱን ታፔላ ረዘም አድርጎ ቀረጸ። ከዚያ ስልኩን ሳያወርድ መጣና በሌላ እጁ ቁልፉን አውጥቶ፣ ቁልፉንም ቀርጾ፣ የውጭውን በር ከፈተ። አጣቢዋ ሁለት ሁለቱን ደረጃ እየዘለለች ወረደች። ስትደርስ ሰውየው ባንኮኒው ጀርባ፣ እትዬ ብቻ በሚቆሙበት ቦታ ቆሞ፣ የእንግዳ መዝገቡን ገልጦ እየቀረጸ ነው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

ሰውየው ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ለቤተሰቤ ነው። የት እንዳረፍኩ ይዩ ብዬ።»

«ቤተሰብዎ መዝገብ ያነባል?»

ሳቀ፤ ሳቁ ድምፅ አልነበረውም። ማክሰኞ ጠዋት ቁልፎቹን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ፣ አመስግኖ ሄደ። አልጋው እንደተነጠፈ ነበር።

አጣቢዋ ያየችውን ነገረቻቸው። እትዬ ግን አስቀድመው መዝገቡን ገለጡ፣ ፎጣውን ቆጠሩ፣ ማንኪያውን ቆጠሩ። ምንም አልጎደለም። «ሌባ አይደለም እንግዲህ» አሉ። እንዲህ ያለ ሌባ አይተው አያውቁምና።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ረቡዕ የደወለ የለም። ሐሙስም የለም። ዓርብ አንድ ታክሲ በራቸው ፊት ቆም አለ፤ ሾፌሩ ስልኩን አየ፣ ታፔላውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ተሳፋሪዎቹን ይዞ ቁልቁል ሄደ። ቅዳሜ ቤቱ ውስጥ አንድም እንግዳ አልነበረም። አምስቱም በር ተዘግቷል፤ ኮሪደሩ ላይ የሚሰማው የእሳቸው ነጠላ ጫማ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ጸሐፊዋ ራሷ መንገዱን ተሻግራ መጣች፤ ፊቷ ልክ አይደለም።

«እትዬ፣ ሊዛወሩ ነው እንዴ? ሳይነግሩኝ?»

«ወዴት ነው የምዛወረው?»

ስልኳን አሳየቻቸው። ጥላ የእንግዳ ማረፊያ አለ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም አስተያየት አለ። የባላቸው መግለጫ ቃል በቃል አለ። ስልክ ቁጥሩ ግን የማያውቁት ነው፤ ቀዩ ምልክት ደግሞ በእሳቸው ጣሪያ ላይ አይደለም፤ ሁለት መንገድ ወርዶ ተተክሏል።

«ያንን ስልክ ያምጡት» አለች ጸሐፊዋ።

እትዬ ከፎጣው ሥር አወጡት። ጸሐፊዋ ከፈተችው። «ይህን ገጽ ማስተዳደር አይችሉም» ይላል። ወደ ኋላ ሄዳ የመጡትን መልእክቶች አንድ በአንድ አነበበች። እጇ ቆመ።

«እትዬ። ያለፈው ሐሙስ አይደለም፣ ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ ጥያቄ መጥቶልዎ ነበር። ሦስት ቀን ጊዜ ሰጥቶዎታል። አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ» አሉ እትዬ፣ ወደ መሬት እያዩ። «ባለጌ ነው ብዬ ተውኩት።»

«ባለጌ?»

«ባለቤት ልሁን አለ እኮ! ባለቤቴ በሞተ በሰባት ወሩ ምን ብዬ ልመልስለት? አፍሬ ነው ልጄ። ላንቺም አፍሬ ነው።»

ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። መሳቅ ጀምራ ነበር፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። «እትዬዬ… ባል ማለቱ አይደለም። የቤቱ ባለቤት፣ ባለንብረቱ ማለቱ ነው። አንዲት ጊዜ ‹ውድቅ› ቢሉት አልቆ ነበር። ዝም ስላሉት ራሱ አረጋገጠ። መንገዱን፣ ታፔላውን፣ በቁልፍ ሲገባ፣ ባንኮኒው ጀርባ ሲቆም የሚያሳይ ቪዲዮ ይጠየቃል። ይኼው ነው፤ ሌላ ማንም መጥቶ አያይም።»

አጣቢዋ ከበሩ ላይ፣ «ወይኔ! ዓይኔ እያየ!» አለች።

ጸሐፊዋ ቁጭ ብላ አቤቱታ አዘጋጀች። ቅጹ የንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ በሟቹ ስም ነው፤ አያያዙት። የታፔላውን ፎቶ አነሡ። እትዬም በተራቸው ከመንገዱ ጀምረው፣ በቁልፍ ከፍተው፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው ተቀረጹ፤ በራሳቸው ቤት እንደ ተከሳሽ።

«እንግዲህ ይመረምሩታል» አለች ጸሐፊዋ። «የላክነውን ብቻ አይደለም የሚያዩት፤ ገጹ ላይ ሰው የሚለጥፈውን ፎቶና የሚጽፈውንም ያያሉ። የቀድሞ እንግዶችዎ ቤቱ እዚህ ነው ብለው ቢጽፉልን ጥሩ ነው።» ይህን እያለች ገጹን ስትወርድ አገልግሎቶቹ ጋ ደረሰች፤ ድምፅዋ ቀነሰ። «ሙቅ ውኃ፣ ዋይፋይ፣ ቁርስ፣ የልብስ አጠባ… እትዬ፣ አንድ አዲስ ጨምሮበታል።»

«ምን ጨመረ?»

«‹የእናትየዋ አቀባበል፣ ዘወትር።›»

እትዬ ቀስ ብለው ተነሡ። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ደህናውን ጫማ አደረጉ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ወደ ቤቴ» አሉ። «ካርታው ያለበት ወደሚለው።»

ጸሐፊዋ ሱቋን እንኳ ሳትቆልፍ ተከተለቻቸው። ሁለቱን መንገድ ሲወርዱ ስልኩ በለስላሳ ድምፅ ይመራቸዋል፤ ወደ ቀኝ ይታጠፉ፣ ሃምሳ ሜትር ይቀጥሉ። መጨረሻው አዲስ ቀለም የሸተተ ሕንፃ ነው። ታፔላው የእሳቸው ነው፤ ፊደሉ ሳይቀር ተመስሎ ተጽፏል። ከመስታወቱ በር ውስጥ ባንኮኒ ይታያል። ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር አለ፤ የተቀመጠበት የለም።

እትዬ የሚሉትን በልባቸው አዘጋጅተው ነበር። ሌባ ሊሉት፣ የሟች ቃል ሰራቂ ሊሉት፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ ሊጮኹበት። በሩን ገፍተው ገቡ።

አቶ ጸጥታ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። አልደነገጠም። ከፊት ለፊቱ ሁለት በዕድሜ የገፉ እኅትማማቾች ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ቀና ብላ አየችና ፊቷ በራ።

«እናትየዋ! እሳቸው ናቸው! መነጽራቸውን አላየሽም?»

«እኔ…» አሉ እትዬ።

«ከጠዋት ጀምሮ የት አሉ የት አሉ ስንል! ያንን ሁሉ አስተያየት አንብበን እኮ ነው የመጣነው። እናታችን በሞተች በዓመቷ እንዲህ ያለ ቤት እንረፍ ብለን።» ሴትየዋ ተነሥታ አቀፈቻቸው። እጆቿ የከሱ ነበሩ። እትዬም ሠላሳ ዓመት እንግዳ የተቀበለ ክንዳቸው ሳያዝዙት ተነሥቶ አቀፋት።

«አላልኳችሁም?» አለ አቶ ጸጥታ ለስለስ ብሎ። «ትንሽ ታገሡ፣ ይመጣሉ አላልኳችሁም?» ወንበሩንም ከባንኮኒው ጀርባ ሳብ አደረገላቸው።

ሁለተኛዋ እኅት ስልኳን አውጥታ ነበር።

«ፎቶ አያንሡ! እባክዎ አያንሡ!» ብላ ጸሐፊዋ ከበሩ ጮኸች።

ስልኩ ቀጭ አለ።

«ውይ፣ እንዴት ያምራል!» አለች ሴትየዋ፣ ምስሉን በፍቅር እያየች። እትዬ በዚያ ሕንፃ፣ በዚያ ባንኮኒ ፊት፣ እንግዳ አቅፈው ቆመዋል፤ ከራሳቸው በላይ የቤታቸው ስም ተጽፏል። «አሁኑኑ ገጹ ላይ እለጥፈዋለሁ። ‹እንደተባሉት ናቸው፣ ቤቱም እንደተባለው ነው› ብዬ።»

እትዬ እጃቸውን ሊዘረጉ ሞከሩ። የመጀመሪያዋ እኅት ግን ገና አልለቀቀቻቸውም፤ ትከሻቸው ላይ ሆና ታለቅስ ነበር።